ማሽኑን ማን ተረከበ?

አንድ ሆስፒታል ለላቦራቶሪው የደም ኬሚስትሪ መመርመሪያ ማሽን ገዛ። ማሽኑ በውሉ በተቀመጠው ቀን ግቢ ገባ። ንብረት ክፍል ሞዴል 19 ቆረጠ፤ ፋይናንስም ለአቅራቢው ክፍያውን ለቀቀ። ከሦስት ወር በኋላ ማሽኑ ከነሳጥኑ መጋዘን ውስጥ ቆሟል። የኩላሊትና የጉበት ምርመራ የታዘዘላቸው ሕሙማን ወረቀታቸውን ይዘው ከግቢው ውጪ ወዳሉ የግል ላቦራቶሪዎች ይሄዳሉ፤ የሚከፍለው ያጣ ደግሞ ሳይመረመር ወደ ቤቱ ይመለሳል።

የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ ምክንያቱን ለማወቅ የሚመለከታቸውን ሁሉ ሰበሰቡ። የንብረት ክፍል ኃላፊው፣ «እኔ የቆጠርኩት ሳጥን ነው። ውሉ አንድ ማሽን ይላል፤ አንድ ማሽን ገብቷል» አሉ። የግዥ ኃላፊዋ ስፔሲፊኬሽኑ ከላቦራቶሪ ተጽፎ እንደመጣላቸው፣ ጨረታውንም በሥርዓቱ እንዳስኬዱ ተናገሩ። የላቦራቶሪ ኃላፊዋ በበኩላቸው፣ «የምንፈልገውን የምርመራ ዓይነትና በቀን የምንሠራውን ናሙና ብዛት ጽፈን ሰጥተናል። የመብራቱንና የውሃውን ነገር የሚያውቀው ኢንጂነሩ ነው» ሲሉ መለሱ። የባዮሜዲካል ኢንጂነሩ ማሽኑ መግባቱን የሰማው ከገባ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ፋይናንስም ቢሆን ሞዴል 19፣ ደረሰኝና የውል ቅጂ ተሟልቶ ከቀረበለት ክፍያ የሚከለክልበት ምክንያት አልነበረውም።

ማንም አልዋሸም። እያንዳንዱ የራሴ ነው ያለውን ሥራ ሠርቷል። ማሽኑ ሥራ ያልጀመረው በመካከል የወደቁ ሦስት ነገሮች ስለነበሩ ነው። ማሽኑ የተጣራ ውሃና የማይዋዥቅ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ ክፍሉ ግን ሁለቱም የሉትም። ውሉ ስለ አቅርቦት እንጂ ስለ ተከላና ስለ ሥልጠና አንድም አንቀጽ የለውም። ሦስተኛው ከሁሉ የከፋ ነው፤ ማሽኑ የሚቀበለው የራሱን ፋብሪካ ሪኤጀንት ብቻ ሲሆን፣ ሆስፒታሉ በማቀዝቀዣ ያከማቸው ግን የሌላ ፋብሪካ ነው።

ይህ ሆስፒታል የትኛውም ስም ያለው ተቋም አይደለም። ነገሩን ለማስረዳት ያበጀሁት ምሳሌ ነው። በግዥ ሥራ ውስጥ ያለፈ ሰው ግን ማሽኑን በጄኔሬተር፣ በውሃ ፓምፕ ወይም በሰርቨር ቢተካው ታሪኩን ያውቀዋል። እንዲህ ያለው ችግር ሲገጥም ብዙ ጊዜ የሚወሰደው መፍትሔ አንድ ፊርማ መጨመር ወይም አንድ ኮሚቴ ማቋቋም ነው። እኔ እንደማምነው ችግሩን የሚያብሰውም ይኸው ነው፤ በአንድ ጉዳይ ላይ የሚፈርመው ሰው በበዛ ቁጥር እያንዳንዱ ከእኔ በፊት የነበረው አይቶታል እያለ ይፈርማልና። ከዚህ የተሻለው መንገድ ሰዎቹንና ሥራዎቹን በአንድ ገጽ ላይ ፊት ለፊት ማገናኘት ነው።

አራት ምልክቶች

ይህን የሚሠራው ሠንጠረዥ ራሲ ማትሪክስ ይባላል። በፕሮጀክት ሥራ ዓለም የታወቀ መሣሪያ ነው፤ የፕሮጀክት ማኔጅመንት ኢንስቲትዩት ዝነኛ መመሪያም ከኃላፊነት ማከፋፈያ ሠንጠረዦች አንዱ አድርጎ ያቀርበዋል። አሠራሩ ቀላል ነው። ሥራዎቹ ከላይ ወደ ታች ይደረደራሉ፤ የሥራ መደቦቹ ደግሞ ከላይ በኩል ወደ ጎን። ሥራውና መደቡ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ከአራት ምልክቶች አንዱ ይጻፋል። እኛ እዚህ በአማርኛ ፊደል እንጠቀም።

«ሠ» ማለት የሚሠራ ነው፤ እጁን አስገብቶ ወረቀቱን የሚጽፈው፣ ዕቃውን የሚቆጥረው፣ ማሽኑን የሚፈትሸው ሰው። «ጠ» የሚጠየቅ ነው፤ ሥራው በትክክልና በጊዜው መጠናቀቁን የሚያረጋግጠው፣ ተበላሽቶ ሲገኝም መልስ የሚሰጠው። «ማ» የሚማከር ነው፤ ውሳኔው ከመወሰኑ በፊት አስተያየቱ የሚጠየቅ። «ነ» የሚነገረው ነው፤ ውሳኔው ካለቀ በኋላ እንዲያውቀው የሚደረግ።

ሕጎቹ ጥቂት ናቸው። በአንድ ረድፍ የሚሠሩት ሰዎች ከአንድ በላይ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሚጠየቀው ግን አንድ ብቻ ነው። አንድ ሰው ራሱ ሠርቶ ራሱ የሚጠየቅበት ረድፍም ይኖራል። የሚማከረው ሐሳብ ይሰጣል እንጂ ሥራውን ማስቆም አይችልም፤ ማስቆም የሚችል ከሆነ ያ ሰው አጽዳቂ ነውና ማጽደቁ ለብቻው ረድፍ ሊሰጠው ይገባል። በማማከርና በመንገር መካከል ያለው መስመር በተግባር ከሁሉ በላይ ጠብ የሚያስነሳው ነው። የባዮሜዲካል ኢንጂነሩ ስለ ስፔሲፊኬሽኑ ውል ከተፈረመ በኋላ ቢነገረው ጥቅም የለውም። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ በየዕለቱ ስለሚገባው ዕቃ አስቀድመው ይማከሩ ቢባል ግዥው ሁሉ እሳቸው ቢሮ ተሰልፎ ይቆማል።

ረድፉን መጻፍ

ሠንጠረዡን ሲያዘጋጁ ብዙዎች የሚሳሳቱት በመጀመሪያው እርምጃ ነው፤ ሥራዎቹን በጅምላ ይጽፏቸዋል። «ግዥ መፈጸም»፣ «ርክክብ»፣ «ክትትል» የሚሉ ረድፎች ማንንም አይለዩም፤ ሁሉም ሰው በውስጣቸው አለና። ጥሩ ረድፍ በግስ ይጻፋል፣ መጨረሻው ላይም በእጅ የሚያዝ ነገር አለ፤ የተፈረመ ስፔሲፊኬሽን፣ የግምገማ ቃለ ጉባኤ፣ የርክክብ ሰነድ፣ የክፍያ ማዘዣ። ወረቀት የማይወጣው ረድፍ ካለ ሥራው ምን እንደሆነ ገና አልታወቀም ማለት ነው።

ከላይ የሚጻፉትም የሰዎች ስም ሳይሆን የሥራ መደቦች መሆን አለባቸው። ሰው ይዛወራል፣ ለትምህርት ይሄዳል፣ ጡረታ ይወጣል፤ ሠንጠረዡ ከእሱ ጋር አብሮ መሄድ የለበትም። ከመደቡ ሥር ግን ሰውየው በማይኖርበት ጊዜ ማን እንደሚተካው ይጻፋል። ይህን የዘነጋ ሠንጠረዥ ኢንጂነሩ ለሥልጠና በወጣበት ሳምንት ይፈርሳል።

ቀጥሎ ያለው እርምጃ ብዙ መሥሪያ ቤቶች የሚዘሉት ነው። ባዶው ሠንጠረዥ ለእያንዳንዱ ክፍል ለየብቻ ይሰጣል፤ ሁሉም ከሌላው ጋር ሳይነጋገር አሁን በተግባር የሚሆነውን ይሞላል። መሆን ያለበትን አይደለም፤ የሚሆነውን ነው። ከዚያ ወረቀቶቹ ጎን ለጎን ይዘረጋሉ። በሆስፒታላችን ይህ ቢደረግ «ስፔሲፊኬሽን ማዘጋጀት» በሚለው ረድፍ ላይ ላቦራቶሪውም፣ ኢንጂነሩም፣ ግዥ ክፍሉም «ሠ» ብለው ራሳቸውን ጽፈዋል። «ጠ» የተባለው ግን በሦስቱም ወረቀት ላይ ሌላ ሰው ነው፤ ላቦራቶሪው ግዥን፣ ግዥ ላቦራቶሪውን፣ ኢንጂነሩ ደግሞ ሥራ አስኪያጁን ጽፏል። «ማሽኑ እንደሚሠራ ማረጋገጥ» የሚለው ረድፍ ፊት ለፊት የተጻፈ አንድም «ጠ» የለም። ስብሰባው ሦስት ሰዓት ቢፈጅም ሊያመጣው የማይችለውን እውነት እነዚህ ወረቀቶች በአንድ እይታ ያመጡታል። ሠንጠረዡን አንድ ባለሙያ ቢሮው ዘግቶ ቢሞላው ግን ይህ ሁሉ አይታይም። ያማረ ወረቀት ይወጣል፣ ይጸድቃል፣ ፋይል ውስጥ ይገባል።

ሁለት ሰዎች «የእኔ ነው» ሲሉ

አሁን ጠቡን መፍታት ይቀራል። በስፔሲፊኬሽኑ ረድፍ ላይ ማን ይጠየቅ? የላቦራቶሪ ኃላፊዋ ማሽኑን በየቀኑ የሚጠቀሙት እሳቸው ስለሆኑ የመጨረሻው ቃል የእሳቸው እንዲሆን ይፈልጋሉ። ኢንጂነሩ ደግሞ፣ «እህቴ፣ ማሽኑ ሲበላሽ በሌሊት የምትደውዪው ለእኔ ነው» ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። እንዲህ ባለ ጊዜ የበላይ ኃላፊው አንዱን መርጦ ሌላውን ዝም ቢያሰኝ ነገሩ በወረቀት ያልቃል፣ በሥራ ግን ይቀጥላል።

በእኔ አመለካከት የዚህ መሣሪያ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ሁለት ሰዎች በእውነተኛ ምክንያት አንድን ረድፍ የእኔ ነው ካሉ፣ ረድፉ ብዙውን ጊዜ በአንድ ስም የተጠራ ሁለት ሥራ ነው። ስፔሲፊኬሽኑን ስንከፍተው በውስጡ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው ማሽኑ ምን ይመርምር፣ በሰዓት ስንት ናሙና ይሥራ፣ ሪኤጀንቱ የየትኛውም ፋብሪካ ሊሆን ይችላል ወይስ የራሱ ብቻ የሚለው ነው። ይህ የሕክምና ፍላጎት ነው፤ የሚጠየቁትም የላቦራቶሪ ኃላፊዋ ናቸው። ሁለተኛው ማሽኑ የት ይቀመጥ፣ ምን ያህል ኃይልና ምን ዓይነት ውሃ ይፈልጋል፣ ክፍሉ ስንት ዲግሪ ሙቀት ይኑረው፣ ዋስትናውና መለዋወጫው እንዴት ይሁን የሚለው ነው። ይህኛው የተከላና የጥገና ሁኔታ ነው፤ የሚጠየቀው ኢንጂነሩ ነው። ግዥ ክፍል በሁለቱም ላይ ይማከራል፤ ምክንያቱም አንድን የፋብሪካ ስም የሚጠቁም ወይም አንድ አቅራቢ ብቻ የሚያሟላው መስፈርት በጨረታው ላይ ቅሬታ እንደሚያስነሳ ከሁሉም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። እንዲህ ሲከፈል ሪኤጀንቱን ማን ማሰብ እንደነበረበት ለመጀመሪያ ጊዜ ተጽፎ ይታያል።

ርክክቡ ደግሞ ይበልጥ ግልጽ ነው። የንብረት ክፍል ኃላፊው ሳጥን እንጂ ማሽን አልተረከብኩም ማለታቸው ትክክል ነው። መጋዘን ውስጥ ቆመው ብዛቱን፣ የሞዴል ቁጥሩን፣ የሳጥኑን ጉዳት ማየት ይችላሉ። ማሽኑ የታወቀ መጠን ያለውን የመቆጣጠሪያ ናሙና ሲመረምር ትክክለኛ ውጤት ማውጣቱን ግን ማየት አይችሉም፤ ይህ የላቦራቶሪና የኢንጂነር ዓይን ይፈልጋል። ስለዚህ «ርክክብ» ለሁለት ይከፈላል፤ ቆጥሮ መረከብና አሠርቶ መረከብ። የመጀመሪያው ዕቃው ግቢ በገባበት ዕለት ያልቃል። ሁለተኛው የሚያልቀው ተከላው ተጠናቆ፣ ማሽኑ ተስተካክሎ፣ ሠራተኞቹ ሠልጥነው፣ የሙከራው ውጤት በወረቀት ሲወጣ ነው።

ስምምነቱ ሲያልቅ የሆስፒታሉ ሠንጠረዥ ከሞላ ጎደል ይህን ይመስላል። በአንድ ቦታ «ጠ ሠ» ተብሎ ሲጻፍ ያው ሰው ይሠራል፣ ያው ሰው ይጠየቃል።

| ሥራ | ላቦራቶሪ ኃላፊ | ባዮሜዲካል ኢንጂነር | ግዥ ኃላፊ | ንብረት ክፍል | ፋይናንስ | ሥራ አስኪያጅ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| የምርመራ ፍላጎት መጻፍ | ጠ ሠ | ማ | ማ | | | ነ |
| የተከላና ጥገና መስፈርት መጻፍ | ማ | ጠ ሠ | ማ | | | ነ |
| ክፍሉን ማሰናዳት | ማ | ጠ ሠ | ነ | | ማ | ነ |
| የጨረታና የውል ሰነድ ማዘጋጀት | ማ | ማ | ጠ ሠ | | ማ | ነ |
| የውል ቀናትን መከታተል | ነ | ነ | ጠ ሠ | ነ | ነ | ነ |
| ቆጥሮ መረከብ | ነ | ነ | ነ | ጠ ሠ | | |
| አሠርቶ መረከብ | ሠ | ጠ ሠ | ነ | ነ | ነ | ነ |
| ክፍያ መፈጸም | | | ማ | | ጠ ሠ | ነ |

በዚህ ሠንጠረዥ ውስጥ ከስብሰባው በፊት ማንም ያልጠቀሳቸው ሁለት ረድፎች አሉ። አንደኛው ክፍሉን ማሰናዳት ነው። ውሃ ማጣሪያውና ዩፒኤሱ ማሽኑ ከመድረሱ በፊት መገዛት ስላለባቸው የራሳቸው በጀት ያስፈልጋቸዋል፤ ፋይናንስ በዚያ ረድፍ «ማ» የተባለው ለዚህ ነው። ሁለተኛው የውል ቀናትን መከታተል ነው፤ ይህኛው ትንሽ እንድንቆይበት ያስገድዳል።

የማንም ያልሆነው ረድፍ

የተደራረበ ኃላፊነት ባለበት መሥሪያ ቤት ሁሉ ባለቤት የሌለው ሥራም አለ። ሰዎች በሚታዩት ሥራዎች ላይ ይጋፋሉ፣ የማይታዩትን ለሌላው ይተዋሉ። በግዥ ውስጥ ከማይታዩት ሁሉ ውድ የሚያስከፍለው የውል ክትትል ነው። ጨረታው ሲከፈት አዳራሽ ይሞላል፣ ውል ሲፈረም ፎቶ ይነሳል፤ ከፊርማው እስከ ርክክቡ ባለው ጊዜ ውስጥ ግን ቀን የሚቆጥር ሰው አይገኝም።

በቁጥር እንየው። ውሉ የ4 ሚሊዮን ብር ነው እንበል። ስለ መዘግየትም ለእያንዳንዱ ቀን የዋጋው 1 ሺህኛ ቅጣት፣ ጣሪያው የዋጋው 10 በመቶ የሚል አንቀጽ አለው እንበል። በቀን 4 ሺህ ብር ነው ማለት ነው፤ በ100 ቀን ጣሪያው 400 ሺህ ብር ይሞላል። ውሉ ተከላንና ሥልጠናን የአቅራቢው ግዴታ ቢያደርግ ኖሮ፣ ማሽኑ በሳጥን የቆየባቸው 3 ወራት፣ ማለትም 90 ቀናት፣ 360 ሺህ ብር ያስቀጡ ነበር። ይህ ገንዘብ ሊጠየቅ የሚችለው ግን መዘግየቱን የመዘገበና ለአቅራቢው በጊዜው በደብዳቤ ያሳወቀ ሰው ካለ ብቻ ነው። መዘግየቱ የመጣው ክፍሉ ባለመሰናዳቱ ከሆነ ደግሞ አቅራቢው ዕቃዬን ይዤ ቆሜያለሁ ይላል፤ እውነትም አለው። አንዱ ረድፍ ባለቤት ሲያጣ ሌላው ረድፍ የያዘው መብት አብሮ ይጠፋል።

ከዚህ ጋር ዋስትናው አለ። የአንድ ዓመት ዋስትና ዕቃው ከገባበት ቀን ይቆጠር ወይስ ሥራ ከጀመረበት ቀን የሚለው ጥያቄ በውሉ ካልተመለሰ፣ ማሽን በሳጥን ሆኖ ሩብ ዓመት ዋስትናው ያልፋል። ኢንጂነሩ በውል ዝግጅቱ ረድፍ ላይ «ማ» መባሉ በዋናነት ለዚህ አንቀጽ ነው። ክፍያውም ቢሆን ከሁለቱ ርክክቦች ጋር መያያዝ ይኖርበታል፤ ለምሳሌ ቆጥሮ መረከብ ሲጠናቀቅ ከፊሉ፣ ቀሪው ደግሞ አሠርቶ መረከቡ በኢንጂነሩ ፊርማ ሲረጋገጥ። ያን ጊዜ ፋይናንስ በሞዴል 19 ብቻ ሙሉ ክፍያ አይለቅም። ሠንጠረዡ ብቻውን ይህን ማስከበር አይችልም፤ በውሉ ላይ መጻፍ አለበት። ሠንጠረዡ የሚጠቅመው ማን እንደሚጽፈው ስለሚያሳይ ነው።

ሠንጠረዡ የማይነካቸው ነገሮች

በመንግሥት መሥሪያ ቤት አንዳንድ ረድፎች በስብሰባ አይወሰኑም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት የግዥና ንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 649 የመሥሪያ ቤቱን የበላይ ኃላፊ፣ የግዥ ሥራ ክፍሉንና የግዥ አጽዳቂ ኮሚቴውን ድርሻ ለየብቻ አስቀምጦ ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1333 ተተክቷል። ክልሎችም የየራሳቸው ሕግ አላቸው። ሕግ ለአንድ አካል የሰጠውን የማጽደቅ ሥልጣን ሠንጠረዥ ወደ ሌላ ማዛወር አይችልም። ስለዚህ በሕግ የተያዙት ምልክቶች ቀድመው በቀይ ቢጻፉ፣ ውይይቱ በቀሩት ላይ ብቻ ይሆናል።

የጨረታ ግምገማም የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንድ ረድፍ አንድ ተጠያቂ የሚለውን ሕግ በጭፍን ይዘው «የግምገማው ውጤት የሰብሳቢው ነው» የሚሉ አሉ። ይህ አደገኛ ነው። ግምገማው ለብዙ ሰው የተሰጠው አንድ ሰው አሸናፊውን መምረጥ እንዳይችል ነው። ሰብሳቢው የሚጠየቀው ሪፖርቱ በተባለው ቀን ተሟልቶ ስለመቅረቡና የመመዘኛው ነጥብ በጨረታ ሰነዱ ላይ በተጻፈው መሠረት ብቻ ስለመሰጠቱ ነው። የነጥቡ ፍርድ ግን የእያንዳንዱ ገምጋሚ ነው፤ ልዩነት ያለውም ልዩነቱን በቃለ ጉባኤው ያሰፍራል።

ሌላው ወደ ታች ማንበብ ነው። ረድፎቹን ወደ ጎን ስናነብ ሁሉም አንድ «ጠ» ይዘው ንጹሕ ሊመስሉ ይችላሉ። ዓምዶቹን ወደ ታች ስናነብ ግን አንድ ሰው ዕቃውን የሚጠይቅ፣ ጨረታውን የሚገመግም፣ ዕቃውን የሚረከብና ክፍያውን የሚያዝ ሆኖ ይገኛል። ኃላፊነቱ በሚገባ ግልጽ ነው፤ ቁጥጥሩ ግን ጠፍቷል። የሚጠይቀው፣ የሚረከበውና የሚከፍለው ሰው መለያየት አለበት፤ ግልጽነት ይህን አይተካም። በትንንሽ መሥሪያ ቤቶች ሰው ስለማይበቃ ሁለቱን ማጣመር ግድ ቢሆን እንኳ መረከብና መክፈል በአንድ እጅ መግባት የለባቸውም።

ዓምዱ ሌላም ነገር ያሳያል። በእኛ ሠንጠረዥ የኢንጂነሩን ዓምድ ተመልከቱ፤ ሦስት «ጠ ሠ» እና ሁለት «ማ» አለው። ሆስፒታሉ በዓመት አንድ እንዲህ ያለ ማሽን ከገዛ ይቻላል። በአንድ ሩብ ዓመት ስድስት ከገዛ ግን አንድ ሰው አይችለውም፤ ጥገናውም ይቆማል። ራሲ የሰው እጥረትን አያቃልልም። እጥረቱ የት እንዳለ ለሥራ አስኪያጁ ያሳያል፣ ቀሪው የቅጥርና የበጀት ጥያቄ ነው። እንዲሁም ቅደም ተከተልና ጊዜ አያሳይም። ስለዚህ ቢያንስ ለሚማከሩት ሰዎች ቀነ ገደብ ከጎኑ መጻፍ ይገባል፤ ለምሳሌ አስተያየት በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ካልመጣ ሥራው ይቀጥላል ብሎ። ያለዚያ አንድ «ማ» ጠረጴዛው ላይ ፋይሉን አስቀምጦ ጨረታውን ሊያዘገይ ይችላል።

በፋይል መፈተን

ሠንጠረዡ ትክክል መሆኑ የሚታወቀው በተፈረመበት ቀን አይደለም። ካለቀ በኋላ ከመዝገብ ቤት ያለቀ የአንድ ግዥ ፋይል ይወጣል፤ ከጥያቄው ማስታወሻ እስከ ክፍያ ማዘዣው ድረስ ገጽ በገጽ ይነበባል። በእያንዳንዱ ፊርማ ላይ ይህ ሰው በሠንጠረዡ ምን ነው ተብሎ ይጠየቃል። ምልክት የሌለው ፊርማ ከተገኘ፣ ወይ ፊርማው አላስፈላጊ ነው ወይ ሠንጠረዡ አንድ ሥራ ረስቷል። ምልክት ኖሮት ፊርማው የጠፋ ከሆነ ደግሞ ያ ሥራ አልተሠራም፣ ወይም ሳይመዘገብ ታልፏል። የእኛን ሆስፒታል ፋይል ብንከፍት የስፔሲፊኬሽኑ ገጽ ላይ ሦስት ፊርማ እናገኛለን፤ ስለ ተከላ ግን አንድም ገጽ የለም። ችግሩ ከዚያ ገጽ ላይ መነበብ ይችል ነበር።

በየዕለቱ ሥራ ውስጥ ደግሞ የሚታዩ ምልክቶች አሉ። አንድ ስፔሲፊኬሽን ሦስት ጊዜ ወደ ጠያቂው ክፍል ከተመለሰ፣ አቅራቢው ለአንድ ጥያቄ ሦስት ቢሮ የሚደውል ከሆነ፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት ለአንድ አቅራቢ የማይጣጣሙ ሁለት ደብዳቤዎች ከወጡ፣ ሠንጠረዡ ወይ የለም ወይ አይሠራም። ኦዲተር ሲመጣ አንድ ሰነድ ለመፈለግ አራት ሰዎች ከተጠሩም እንዲሁ ነው። እነዚህን የምታዩ ከሆነ ሰዎችን ከመገሠጻችሁ በፊት ረድፎቹን አንብቡ።

ዓመቱን ሙሉ የሚሸፍን ትልቅ ሠንጠረዥ ማዘጋጀትም አያስፈልግም። ሃምሳ ረድፍ ያለው ወረቀት ማንም አያነበውም፤ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ረድፍ ያለው ግን ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይነበባል። መዋቅር ሲቀየርና የግዥ መመሪያ ሲሻሻል እንደገና ይታያል፤ በሌላ ጊዜ ይተዋል።

በግዥ፣ በንብረት ወይም በፋይናንስ ሥራ ላይ ለምትገኙ አንባቢዎች አንድ ጥያቄ አለኝ። አሁን በእጃችሁ ካለው፣ ገና ካልተፈረመው ውል ጀምሩ። ዕቃው ሲመጣ ቆጥሮ የሚረከበው ማን ነው? አሠርቶ የሚረከበውስ? ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ የሚሰጥ አንድ የሥራ መደብ በወረቀት ላይ ከሌለ ውሉን አትፈርሙ፤ መጀመሪያ ያን መደብ ጻፉት።